ለአዳር ተረኛዋ ሲስተር፦ የ4 ሳምንት የፊት ቆዳ እንክብካቤ ፕሮግራም

ሲስተር፣ ያንቺ «ማታ» ጠዋት ከአዳር ገብተሽ የምትተኚበት ሰዓት ነው። ከሆስፒታል ስትወጪ ሰንስክሪን ተቀቢ፤ ቤት ስትገቢ ታጠቢው።

1ኛ ሳምንት፦ አዲስ ነገር የለም። ለስላሳ መታጠቢያና እርጥበት የሚሰጥ ክሬም ብቻ። ማስክ የፋቀው አፍንጫሽ መጀመሪያ ይዳን።

2ኛ ሳምንት፦ ናያሲናማይድ 5%፣ ወደ ሥራ ከመውጣትሽ በፊት።

3ኛ ሳምንት፦ አዜላይክ አሲድ 10%፣ ከመተኛትሽ በፊት፣ አንድ ቀን እየዘለልሽ። ትንሽ ማሳከክ ያለ ነው። ካቃጠለሽ ግን ታጥበሽ ተዪው። ፊትሽ ካልተረጋጋ እዚሁ ቆዪ፤ ማን ያሯሩጥሻል?

4ኛ ሳምንት፦ ሬቲኖል 0.2%፣ ከመተኛትሽ በፊት፣ በሳምንቱ ሁለቴ ብቻ። በእረፍት ቀንሽ ጀምሪ። አተር የምታህል ለሙሉ ፊት ትበቃለች፤ ከመቀባትሽ በፊት የታጠበው ቆዳሽ በደንብ ይድረቅ። ከዓይንና ከአፍንጫ ጥግ አርቂው። የዚያን ቀን አዜላይክ የለም። እርግዝና ካለ ወይም ከታሰበ ሬቲኖል ጭራሽ አይነካም።