ስለ ልጃችን ስለ ናሆም የምግብ አለርጂ እና ድንገት ቢታመም ስለሚደረገው

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ኦገስት 25 ቀን 2025

ለተከበሩ ወ/ሮ አስቴር

እንደምን ሰነበቱ? ባለፈው ሳምንት ጊዜ ሰጥተው የሕፃናት ማቆያውን ስላሳዩን ከልብ እናመሰግናለን። ናሆም የሌበር ዴይ ማግስት፣ ማክሰኞ ሴፕቴምበር 2 ይጀምራል። በቃል የነገርኩዎትን እንድጽፈው ጠይቀውኝ ስለነበር ይኸው ጽፌዋለሁ። አብረውዎት የሚሠሩት እህቶች ሁሉ በቀላሉ እንዲያነቡት ብዬ በአማርኛ አደረግሁት። የአለርጂ ሐኪሙ የፈረመበት የእንግሊዝኛ ቅጽ አብሮ ተያይዟል፤ መድኃኒት የሚሰጠው በእሱ ነው፣ ይህ ደብዳቤ ማብራሪያው ነው።

ናሆም ሁለት ዓመት ከሦስት ወሩ ነው። የለውዝ እና የሰሊጥ አለርጂ አለበት። ሆዱን ይነፋዋል ወይም ያሳክከዋል ማለቴ ብቻ አይደለም፤ ትንፋሹን ሊዘጋው፣ የደም ግፊቱን ሊያወርደው ይችላል። ይህን የማውቀው ስላየሁት ነው። አሥራ አንድ ወሩ ላይ የእህቱን የለውዝ ቅቤ የተቀባ ዳቦ ቆርሶ በላ። ብዙም ሳይቆይ ፊቱ ቀላ፣ ከንፈሩ አበጠ፣ አስመለሰው። እናቴ «ምች ነው» አለች፤ እኔም አመንኩ። በረንዳችን ላይ ያበቀለችውን ዳማከሴ አሽተን ስናሸትተው፣ ስናሻሸው ቆየን። ልጄ እጄ ላይ ሲዝለፈለፍ ነው አምቡላንስ የጠራነው። መርፌውን እቤታችን ሳሎን ውስጥ ወጉት፣ በደቂቃዎች ውስጥ ዓይኑን ገልጦ አየኝ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈ። ያባከንናቸው ደቂቃዎች ግን ዛሬም ከአእምሮዬ አልወጡም፤ ይህን ሁሉ የምጽፈውም ለእነሱ ስል ነው።

የሚበላውን በተመለከተ፣ ምሳውንም መክሰሱንም ስሙ በተጻፈበት አረንጓዴ ሳህን ከቤት እልካለሁ። ከዚያ ውጭ ምንም አይቅመስ፣ «ትንሽ ብቻ» እንኳ። ወተት፣ እንቁላል፣ ምስር፣ አተር፣ ሽምብራ፣ ሽሮ ይስማማዋል። ሱፍ እና ኑግ ገና ስላልተመረመረለት አይስጡት።

የእኛ ምግብ ውስጥ ለውዝ እና ሰሊጥ የሚደበቁበትን ቦታ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ሆኖም ላስታውስ። ቆሎ ውስጥ ለውዝ ይቀላቀላል፤ ለውዙ ተለቅሞ ቢወጣም ገብሱ ላይ ዱቄቱ ይቀራል። በጾም ወቅት በወተት ፈንታ የለውዝ ቅቤ ወይም የለውዝ ሻይ ለልጆች ይሰጣል። ሰሊጥ ደግሞ ዳቦ ላይ ይነሰነሳል፤ ሃላዋ እና ሁሙስም ውስጥ አለ። የታሸገ ነገር ከሆነ ጀርባውን ማንበብ ይቻላል፤ ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ በሕግ ሰሊጥም እንደ ለውዝ በግልጽ መጻፍ አለበት። ከቤት ተሠርቶ የሚመጣ ግን ጽሑፍ የለውም። እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 11 ነው፤ ወላጆች ዳቦ እና ቆሎ ይዘው መምጣታቸው አይቀርም። የናሆም ክፍል ውስጥ ለውዝና ሰሊጥ እንዳይገባ ለወላጆቹ ቢነግሩልኝ ትልቅ ውለታ ነው። ለክፍሉ ልጆች ሁሉ የሚሆን ድፎ ዳቦ እኔ ጋግሬ አመጣለሁ።

ሌሎቹ ልጆች ለውዝ በልተው ከመጡ እጃቸውን በውኃ እና በሳሙና ይታጠቡ። ሳኒታይዘር ጀርም ይገድላል እንጂ የለውዙን ቅሪት ከእጅ አያነሳም። ጠረጴዛውም እንዲሁ በሳሙና ይወልወል፤ ናሆም ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ የሚከትበት ዕድሜ ላይ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። እሱ ገና «ጉሮሮዬን ያዘኝ» ብሎ መናገር አይችልም። ምላሱን በጣቱ ሲያክክ፣ ጆሮውን ሲጎትት፣ ያለ ምክንያት ሲነጫነጭና አልወርድም ሲል፣ ልብ ይበሉ። አፉ ዙሪያ ጥቂት ሽፍታ ብቻ ወጥቶ ሌላ ምንም ከሌለ፣ በቅጹ ላይ የተጻፈውን 2.5 ሚሊግራም ሰቲሪዚን ሽሮፕ ሰጥታችሁ፣ ለእኔ ደውላችሁ፣ ዓይናችሁን ሳትነቅሉ ጠብቁት።

ሳል ከያዘው፣ ሲተነፍስ ሲር ሲር ካለ፣ ድምፁ ከጎረነነ፣ ከንፈሩ ወይም ምላሱ ካበጠ፣ ከገረጣ፣ ከተዝለፈለፈ፣ ሰውነቱን ሁሉ ሽፍታ ከወረረው፣ ወይም ሽፍታውና ማስመለሱ አብረው ከመጡ፣ መርፌውን ወዲያው ውጉት። ሽሮፑን ሰጥታችሁ አትጠብቁ፤ ሽሮፑ ማሳከኩን እንጂ ትንፋሹን አያድንም። ለእኔም መጀመሪያ አትደውሉ። ሥራ ላይ ስሆን ስልኬ ቁም ሳጥን ውስጥ የሚቆለፍበት ሰዓት አለ፤ ባነሳውም «ውጉት» ከማለት ሌላ የምለው የለም። ያንን አሁኑኑ ፈርሜ ሰጥቻለሁ።

መርፌው ኦቪ-ኪው ይባላል፣ 0.1 ሚሊግራም ኤፒነፍሪን ነው። ከመያዣው ሲወጣ በእንግሊዝኛ ድምፅ እየነገረ ይመራችኋል። ቀዩን መክደኛ ስባችሁ አውጡ፣ ጥቁሩን ጫፍ ከጭኑ በውጭ በኩል መሐሉ ላይ አጥብቃችሁ ተጫኑ፣ ለሁለት ሰከንድ ያዙት። በሱሪው ላይ ይወጋል፣ ማውለቅ አያስፈልግም። እንዳይፈራገጥ አንዷ እግሩን ትያዘው። አንዷ ስትወጋ ሌላዋ 911 ትደውል፤ «አናፊላክሲስ፣ ኤፒነፍሪን ሰጥተናል» ትበል፣ የተወጋበትን ሰዓትም ትጻፍ። ናሆም በጀርባው ይተኛ፣ እግሩ ከፍ ይበል። ካስመለሰው በጎኑ፣ ትንፋሽ ካጠረው ቁጭ ይበል። አታቁሙት፣ አቅፋችሁም አትዙሩ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ካልተሻለው ሁለተኛውን መርፌ ውጉት። ተሽሎት ቢስቅ እንኳ አምቡላንሱ ይውሰደው፤ ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ከዚያ ለእኔ፣ ካላነሳሁ ለአባቱ ደውሉ፤ ስልካችን ቅጹ ላይ አለ። እኛ እስክንደርስ አንዷ አብራው ሆስፒታል ትሂድልኝ።

ሳያስፈልግ ወጋችሁት ብሎ የሚወቅሳችሁ አይኖርም። ልቡ ትንሽ በፍጥነት ይመታል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ያልፋል። ሐኪሙ የነገረን ይህንኑ ነው።

ሁለቱ መርፌዎች በቀይ ቦርሳ ውስጥ ይሆናሉ። ፍሪጅ ውስጥ አይግቡ፣ መኪና ውስጥም አይቀሩ፤ ልጆቹ ፓርክ ሲሄዱ ናሆምን የያዘችው ቦርሳውንም ትያዝ። ቦርሳው አይቆለፍበት፣ ግን ልጆች በማይደርሱበት ከፍታ ይሁን። አሁን 12.4 ኪሎ ነው፤ 15 ኪሎ ሲሞላ መጠኑ ስለሚለወጥ አዲሱን ከአዲስ ቅጽ ጋር አመጣለሁ። የሚያበቃበትንም ቀን እኔ እከታተላለሁ።

አርብ ኦገስት 29 ልጆቹ ከተወሰዱ በኋላ፣ በአሜሪካ ሰዓት ማታ 6 ሰዓት ተኩል ላይ፣ መርፌ የሌለውን መለማመጃ ይዤ ልመጣ እፈልጋለሁ። ምግብ የምታቀርበውን እህት ጨምሮ ሁሉም በእጃቸው ቢሞክሩት ደስ ይለኛል። ያ ቀን ካልተመቸዎት ቅዳሜም ሆነ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እችላለሁ፤ ከማክሰኞ በፊት ብቻ ይሁን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
ሰላማዊት፣ የናሆም እናት