ከእናቴ ደብተር እስከ ድስቱ፦ ሴንትራል ዶግማን ለክፍል ጓደኞች ለማስረዳት

(12ኛ ክፍል፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ 40 ደቂቃ። የምይዘው፦ ቾክ፣ አሮጌ ደብተር፣ ብጣሽ ወረቀት፣ ክርና ባለቀለም ዶቃ። በቅንፍ ያለው ለራሴ ነው፣ ጮክ ብዬ አላነበውም።)

እንዴት ዋላችሁ? እስቲ ከቃሉ እንጀምር። ዶግማ ሲባል ምን ይመጣላችኋል?

(ጎንደር ነን፤ ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገው ብዙ ነው። "ዶግማ አይለወጥም፣ ቀኖና ግን ይሻሻላል" የሚል አይጠፋም። ዝም ካሉ ራሴ እለዋለሁ።)

ልክ ነው። ባዮሎጂ ውስጥ ግን ቃሉ ትንሽ ያሳስታል። ፍራንሲስ ክሪክ የሚባል እንግሊዛዊ ሳይንቲስት በ1958 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ተጠቀመበት። ኋላ ላይ ራሱ ቃሉ ከጥቅሙ ጣጣው እንደበዛ ጽፏል። ስለዚህ ስሙ አያስፈራችሁ። ነገሩ የመረጃ መንገድ ነው፤ ከየት ተነስቶ ወዴት ይሄዳል፣ ወዴትስ አይመለስም፣ በቃ።

(ደብተሩን አነሳለሁ።)

ይሄ የእናቴ የወጥ ደብተር ነው። እውነተኛው አይደለም፣ እሱማ ከቁም ሳጥን አይወጣም! አንዴ ወጥ ቤት ይዤው ገብቼ የዶሮ ወጡ ገጽ ላይ ቅቤ ጠብ አለበት። እስከ ዛሬ ገጹን ወደ ብርሃን ስታዞሩት ያሳያል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕጉ አንድ ነው፦ ደብተሩ እዚያው ይቀመጣል፣ የምትፈልጊውን ገጽ ገልብጠሽ ውጪ።

ሴልም እንዲሁ ነው። ደብተሩ ዲኤንኤ ነው። ቁም ሳጥኑ ኒውክለስ። አንዱ ገጽ ጂን። ብጣሽ ወረቀቱ ኤምአርኤንኤ፣ ማለትም መልእክተኛው። እርሳስ ይዞ የሚገለብጠው ደግሞ አርኤንኤ ፖሊመሬዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። ይህ ግልበጣ ትራንስክሪፕሽን ይባላል።

እዚህ ጋ ቁም በሉኝ። ባለፈው ፈተና "ዲኤንኤ ወደ አርኤንኤ ይቀየራል" ብዬ ጽፌ ነጥብ ተቀንሶብኛል። ተናድጄ ነበር፤ ግን ቅነሳው ልክ ነው። ገጹን ስገለብጥ ደብተሩ ወረቀት ሆነ እንዴ? ደብተሩ ቁም ሳጥን ውስጥ እንዳለ ነው። የተላለፈው መረጃው ብቻ ነው።

አንድ ሰው ይጠይቅ ይሆናል፦ "የሰውነቴ ሴል ሁሉ አንድ ዓይነት ደብተር ካለው፣ ዓይኔ ለምን ኢንሱሊን አይሠራም?"

(ካልጠየቁ እኔው አነሳዋለሁ። የምወደው ጥያቄ ነው።)

በጾም ቀን የዶሮ ወጡ ገጽ ይገለጣል? አይገለጥም፤ ግን ከደብተሩ ተቀዶ አልወጣም። ቀኑ ሽሮ ነው፣ የሚገለበጠው የሽሮ ገጽ ነው። የቆሽት ሴል የኢንሱሊንን ገጽ ይገልጣል። የዓይን ሴል ያንን ገጽ ዘግቶ የራሱን ይገለብጣል።

አሁን ስለ ፊደሉ። ዲኤንኤ A፣ T፣ G፣ C የሚባሉ አራት ፊደላት አሉት። አርኤንኤ በT ፈንታ U ይጽፋል። እናቴ "ሠርግ" ብላ የጻፈችውን እኔ "ሰርግ" ብዬ ስገለብጠው ንባቡ ይለወጣል? አይለወጥም። ይሄም እንደዚያ ነው።

ግን ተጠንቀቁ፤ ዲኤንኤ ሁለት ገመድ ነው፣ የሚገለበጠው ከአንዱ ነው። ያ ገመድ እንደ ማኅተም ነው። ማኅተም ላይ ጽሑፉ ግራና ቀኙ ዞሮ ይቀረጻል፣ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ተስተካክሎ ይነበባል። ስለዚህ ማኅተሙ ላይ A ካለ ቅጂው U፣ T ካለ A፣ G ካለ C፣ C ካለ G ይሆናል።

ቅጂው ከቁም ሳጥኑ ወጣ። ወጥ ቤት ገባ። ወጥ ቤቱ ራይቦሶም ነው። ጠጋ ብለን እንየው።

ራይቦሶም ቅጂውን ሦስት ሦስት ፊደል እየቆጠረ ያነባል። ሦስቱ ፊደል ኮዶን ይባላል። ሦስት ሲያነብ ተላላኪ ልጅ ይመጣል። ድግስ ላይ አይታችሁ የለ? አንዱ ጨው፣ አንዱ በርበሬ፣ አንዱ ኮረሪማ ብቻ እንዲያመጣ ቅዳሜ ገበያ ይላካል። እነዚህ ልጆች ቲአርኤንኤ ናቸው። እያንዳንዱ በእጁ ሦስት ፊደል አለው፣ በጀርባው አንድ አሚኖ አሲድ። ፊደሉ ከቅጂው ጋር ከገጠመ ያራግፋል፤ ካልገጠመ ይመለሳል። ይህ ትርጉም ነው፣ ትራንስሌሽን።

እዚህ ጋ የወጡ ምሳሌ ያልቅብኛል። ወጥ ይዋሃዳል፤ አሚኖ አሲድ ግን አንዱ ከአንዱ ጎን ይሰካል። (ክሩን አንስቼ ዶቃ እየሰካሁ።) እንዲህ፣ በተራ። 20 ዓይነት ዶቃ አለ። ክሩ ሲያልቅ ተጣጥፎ ቅርጽ ይይዛል፤ ያ ነው ፕሮቲን።

ኮዶኖቹ 64 ናቸው። 61ዱ ዶቃ ይጠራሉ፣ 3ቱ "አቁም" ይላሉ። 61 ለ20 ሲካፈል ይተርፋል ካላችሁኝ፣ አዎ። "ፀሐይ" እና "ጸሐይ" ብትጽፉ የምትወጣው ያቺው ናት። GAA እና GAG ሁለቱም ግሉታሚክ አሲድን ይጠራሉ።

(ሰሌዳው ላይ በትልቁ እጽፋለሁ።)

አበበ ዳቦን ገዛና በላው።

ሁሉም ባለ ሦስት ፊደል ነው። "ዳ"ን በ"ጋ" ልቀይር። አበበ ጋቦንን ገዝቶ በላ! (ይስቃሉ። እጠብቃለሁ።) አሁን "ዳ"ን ላጥፋና ሦስት ሦስት እንቁጠር፦ አበበ፣ ቦንገ፣ ዛናበ፣ ላው። ትርጉም አለው? አንድ ፊደል ስትቀየር አንድ ቃል ተበላሸ፤ ስትጠፋ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ተዛነፈ።

ጋቦንን እንደ ቀልድ አትዩት። ሄሞግሎቢን ውስጥ ቤታ የሚባለው ሰንሰለት 146 ዶቃ አለው። 6ኛው ላይ GAG የነበረው GUG ሲሆን ግሉታሚክ አሲድ በቫሊን ይተካል። ከአባትም ከእናትም እንዲህ ያለ ገጽ የወረሰ ሰው ሲክል ሴል የሚባለው የደም ሕመም ይይዘዋል። አንድ ፊደል ናት።

የመጨረሻው ጥያቄ፦ ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል? ከቅጂ ወደ ደብተር ይቻላል። ኤችአይቪ አርኤንኤውን ወደ ዲኤንኤ ገልብጦ የእኛ ደብተር ውስጥ ያስገባዋል። የሚገለብጠው ኢንዛይም በ1970 እ.ኤ.አ. በሌሎች ቫይረሶች ላይ ሲገኝ "ዶግማው ፈረሰ" ያሉ ነበሩ። አልፈረሰም። ክሪክ አይሆንም ያለው ከፕሮቲን ወደ ኋላ መመለስን ነው። እናቴ ወጥ ቀምሳ ምን እንደገባበት ትነግራችኋለች። ሴል ግን ፕሮቲን ቀምሶ ደብተር አይጽፍም።

በሉ እናንተ ሥሩ። ማኅተሙ ይኸው፦

```
TAC AAA CTC ATT
```

(መልሱ AUG UUU GAG UAA ነው፦ ሜቲዮኒን፣ ፌኒልአላኒን፣ ግሉታሚክ አሲድ፣ አቁም። AUG መጀመሪያም መሆኑን ካልጠቀሱ አስታውሳለሁ።)

የጨረሰ ደግሞ የCTCን መሃል ፊደል በA ይቀይርና ምን እንደሚወጣ ይንገረን። ማን ይምጣ?

(ቾኩን ከኋላ ወንበር ላለ ሰጥቼ ቦታው ላይ እቀመጣለሁ። ቢሳሳትም አልነሳም፤ ክፍሉ ያርመው።)