የ450 ፓውንድ ልዩነት

ሰዓዳ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ የተመረቀችው በ2015 ዓ.ም. ነበር፤ የመውጫ ፈተና በመላ አገሪቱ ለተመራቂዎች ሁሉ መሰጠት የጀመረውም በዚያው ዓመት ነው። ፈተናውን ማለፏ በቤተሰቡ ዘንድ ሥራ እንደማግኘት ስለተቆጠረ፣ እናቷ ጎረቤት ጠርተው ቡና አፍልተው ዱአ አስደረጉላት፤ አባቷም ደሴ ፒያሳ አጠገብ ካለችው የልብስ ስፌት ሱቃቸው ገቢ ቆጥበው ያገለገለ ላፕቶፕ ገዙላት። ሥራው ግን አልመጣም። በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈው ክፍት የሥራ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ዓመት ልምድ ይጠይቃል፤ «በዜሮ ዓመት» የሚል ሲገኝ ደግሞ ለአንድ መደብ የሚመዘገበው ተመራቂ ብዛት ተስፋ የሚያስቆርጥ ነበር።

ፍሪላንስ የሚባለውን፣ ከቤት ሆኖ በኢንተርኔት ለተለያዩ አሠሪዎች በውል የመሥራት ነገር ከክፍል ጓደኛዋ ሰምታ፣ አሠሪና ሠራተኛ የሚገናኙበት አፕወርክ የተባለ ድረ ገጽ ላይ አካውንት የከፈተችው በዚህ መሀል ነው። ለእያንዳንዱ ሥራ ለማመልከት «ኮኔክት» የተባለ ነጥብ ያስፈልጋል፤ የአንዱ ዋጋ 15 የአሜሪካ ሳንቲም ነው። በነጻ የሚሰጠው ጥቂት ነጥብ ሲያልቅ ተጨማሪ መግዛት ነበረባት፣ የእርሷ የባንክ ካርድ ግን ለውጭ ግዢ አያገለግልም። ስለዚህ ጅዳ በሰው ቤት የምትሠራው የአክስቷ ልጅ ዘሀራ ከራሷ ካርድ 15 ዶላር ከፍላ መቶ ነጥብ ገዛችላት፤ እርሱም ሲያልቅ ደገመችላት። «ሲሳካልሽ ትመልሽልኛለሽ፤ ካልተሳካም በእኔና በአንቺ መካከል ሒሳብ የለም» ብላ በድምፅ የላከችው መልእክት ሰዓዳን ከማጽናናት ይልቅ ያስጨንቃት ነበር። ዘሀራ ያንን ገንዘብ እንዴት እንደምታገኘው ታውቃለችና።

ወራት አለፉ። ከላከቻቸው ማመልከቻዎች አብዛኞቹ መልስ አልመጣላቸውም፤ የተከፈቱም ያልተከፈቱም ነበሩ። መልስ ከሰጡት አንዱ፣ ችሎታዋን ለማየት በሚል ሰበብ የአንድ ድርጅት የሠራተኞች የደመወዝ ሰንጠረዥ በሙሉ አሠርቷት፣ ፋይሉን ከተቀበለ በኋላ ማስታወቂያውን አንሥቶ ጠፋ። ሌላዋ በቪዲዮ ልታነጋግራት ቀጠሮ ይዛ ሳለ ኔትወርኩ ሦስት ጊዜ ተቋርጦ፣ በአራተኛው ላይ «ሌላ ሰው ቀጥረናል» የሚል አጭር መልእክት ደረሳት። በትሕትና የጻፉላት ጥቂቶችም ቢሆኑ የሚሉት አንድ ነገር ነበር፦ ከዚህ በፊት ያሠሩሽ ሰዎች የሰጡት አስተያየት በገጽሽ ላይ የለም። ከማስታወቂያ ሰሌዳው ሸሽታ የሄደችበት ቦታ ያንኑ የልምድ ጥያቄ በሌላ ቋንቋ ጠየቃት።

ሰው መልስ ሲነፈገው ጥፋቱን ፍለጋ ወደ ራሱ ይመለሳል። ሰዓዳም በአንድ የጥቅምት ምሽት የላከቻቸውን ማመልከቻዎች ከመጀመሪያው ጀምራ አነበበቻቸው። እንግሊዝኛቸው ንጹሕ ነው፤ ታታሪነቷን፣ ታማኝነቷን፣ ሰዓት አክባሪነቷን፣ የምረቃ ነጥቧን ሁሉ ይዘረዝራሉ። ስለ አሠሪው ችግር ግን አንዳቸውም አንድ ዐረፍተ ነገር አይናገሩም። ያስጨነቀው ነገር ኖሮት የሚጽፍ ሰው እርሷ ማን እንደሆነች ሳይሆን የእርሱን ነገር እንዳየችለት ማወቅ እንደሚፈልግ የገባት ያን ጊዜ ነበር። ከዚያ በኋላ ነጥቦቿን በየቀኑ መበተን ትታ፣ እስከ መጨረሻው አንብባ የተረዳችውን ማስታወቂያ ብቻ መጠበቅ ጀመረች።

ኅዳር ላይ በእንግሊዝ አገር ሊድስ ከተማ የብስክሌት መጠገኛና መሸጫ ሱቅ ያለው ሰው ያወጣውን ማስታወቂያ አገኘች። ሰውየው የሒሳብ ሠራተኛ የለውም፤ መዝገቡን ማታ ማታ ራሱ በኤክሴል ይጽፋል። የመስከረም ወር መዝገቡና የባንኩ መግለጫ በ450 ፓውንድ አልገጣጠም ብሎት፣ ሁለት የእረፍት ቀኖቹን ሲፈልግ ውሎ እንዳጣው ጽፏል። ከእርሷ በፊት ያመለከቱት ብዙ ናቸው።

ሰዓዳ ቁጥሩን ስታይ የሁለተኛ ዓመት መምህሯ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ይጽፉት የነበረው ትዝ አላት። ሁለት ሒሳቦች ሳይገጣጠሙ ሲቀሩ ልዩነቱን ለዘጠኝ ማካፈል ነው፤ ያለ ቀሪ ከተካፈለ፣ አንድ ቦታ ሁለት ጎረቤታም አኃዞች ተለዋውጠው ተጽፈው ሊሆን ይችላል። 450 ለዘጠኝ ሲካፈል 50 ነው። አንድ እርምጃ ራቅ ብላ ስታስበው ደግሞ፣ የመቶና የአሥር ቤት አኃዞች ቦታ ሲለዋወጡ የሚፈጠረው ልዩነት የዘጠና ብዜት ነውና፣ 450 ለዘጠና ሲካፈል አምስት ይሰጣል። እንግዲህ የሚፈለገው የመቶ ቤቱና የአሥር ቤቱ በአምስት የሚበላለጡበት ክፍያ ነው።

የጻፈችለት ስምንት መስመር ብቻ ነበር። «ጤና ይስጥልኝ። የጎደለው ገንዘብ አልጠፋም ብዬ እገምታለሁ፤ ሁለት አኃዞች ተለዋውጠው ተጽፈው ሊሆን ይችላል። በመስከረም ወር ከመዘገቧቸው ክፍያዎች መካከል የመቶ ቤቱና የአሥር ቤቱ በአምስት የሚበላለጡትን ብቻ መርጠው ከባንኩ መግለጫ ጋር ያስተያዩ። ብዙ አይሆኑም። ካላገኙት ሁለተኛው ጥርጣሬዬ ሳይመዘገብ የቀረ አንድ ክፍያ ነው፤ እርሱንም በምን መንገድ እንደምንፈልገው ልነግርዎ እችላለሁ። ሰዓዳ፣ ከደሴ።»

የመላኪያውን ቁልፍ ከተጫነች በኋላ ጓደኛዋ ደውላ ስትሰማ ደነገጠች። «መልሱን በነጻ ሰጥተሽው ለምን ይቀጥርሻል?» አለቻት። ሰዓዳ የምትመልሰው አልነበራትም። እውነትም ያ ሰው ስህተቱን አግኝቶ ዝም ቢል ማንም የሚጠይቀው አልነበረም።

መልሱ የመጣው በማግስቱ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ከተኛ በኋላ ነው። ለመለዋወጫ አቅራቢ የተከፈለ 1,720 ፓውንድ በመዝገቡ ላይ 1,270 ተብሎ ተጽፎ ተገኝቷል። ሰውየው አመስግኖ፣ ቀጥሎም ከሚያዝያ እስከ መስከረም ያለውን የስድስት ወር መዝገብ ከባንኩ መግለጫ ጋር እንድታስታርቅለት በ120 ዶላር ውል ላከላት። ሰዓዳ «ተቀብያለሁ» የሚለውን ከመጫኗ በፊት ውሉን ደጋግማ አነበበችው፤ ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ የከተማውን ስም ሁሉ። ከዚያ እናቷን ቀሰቀሰቻቸው። እናትየው በእንቅልፍ ዐይናቸው «አልሐምዱሊላህ» ብለው፣ ስለ ምን እንደሚያመሰግኑ የጠየቁት ቆይተው ነው።

ሥራው ከታሰበው በላይ ሰፋ። በግራ ዐምድ የባንኩን፣ በቀኝ የሱቁን መስመሮች ደርድራ የተገጣጠሙትን አረንጓዴ እየቀባች ስትሄድ፣ በካርድ የተከፈሉ ሽያጮች በሙሉ ነጭ ሆነው ቀሩ። ሱቁ 86 ፓውንድ ብሎ የመዘገበው ባንክ የገባው 84.54 ሆኖ ነው፤ 200 የተባለው 196.60 ሆኖ ነው። ባለቤቱ እነዚህን ጉድለቶች «ያልታወቀ» በሚል አንድ ሣጥን ውስጥ ሲወረውራቸው ኖሯል። ሰዓዳ ጥቂቶቹን ወስዳ በመቶኛ ስታሰላቸው ሁሉም 1.7 በመቶ ሆነው ወጡ። ገንዘቡ አልጠፋም፤ የካርድ ክፍያውን የሚያስተላልፈው ድርጅት አገልግሎቱን ቀድሞ እየቆረጠ ነው የሚልከው። የእያንዳንዱን ወር ቁራጭ ለይታ «የካርድ አገልግሎት ወጪ» በሚል ርእስ ስትመዘግበው፣ ነጭ ሆነው የቀሩት መስመሮች ተራ በተራ አረንጓዴ ሆኑ።

የሐምሌን ወር እየጨረሰች ሳለ መብራት ጠፋ። የላፕቶፑ ባትሪ ያረጀ ስለሆነ ከግማሽ ሰዓት በላይ አይቆይም፤ ፋይሉን አስቀምጣ በስልኳ ብርሃን ያላለቁትን መስመሮች ወረቀት ላይ ገለበጠቻቸው። ጠዋት ጄኔሬተር ካለው ካፌ ገብታ፣ በአንድ ማኪያቶ እስከ ቀትር ተቀምጣ ወረቀቱን ወደ ሰንጠረዡ መለሰችው። ነሐሴ ላይ ሁለት ጊዜ የተመዘገበ የኪራይ ክፍያ አገኘች። ሥራውን ያስረከበችው ከቀጠሮው አንድ ቀን ቀድማ ሲሆን፣ እያንዳንዱን ማስተካከያ ለምን እንዳደረገችው የሚያስረዳ አንድ ገጽ ማብራሪያ አያይዛለች። ማንም ያላዘዛትን ያንን ገጽ የጻፈችው፣ ሰውየው ማታ ማታ ብቻውን ከመዝገቡ ጋር ሲታገል በዐይነ ሕሊናዋ ስለሚታያት ነው።

ገንዘቡ ወዲያው እጅ አይገባም። አሠሪው ሥራውን ካጸደቀ በኋላ አምስት ቀን ይጠበቃል፤ አፕወርክ አሥር በመቶውን ሲያነሣ 108 ዶላር ቀረ፤ እርሱም ፔዮኒር በተባለ ገንዘብ አስተላላፊ ድርጅት በኩል ዞሮ፣ የማስተላለፊያው ተቆርጦለት፣ በብር ተመንዝሮ ወደ ባንክ ሒሳቧ ይገባል። የባንኩ መልእክት ስልኳ ላይ ሲደርስ ሰዓዳ በአባቷ ሱቅ ቁልፍ እየተከለች ነበር። ከ12,000 ብር በላይ ገብቷል። ስልኩን ለአባቷ ዘረጋችላቸው። እርሳቸውም መነጽራቸውን አስተካክለው ቁጥሩን ካነበቡ በኋላ፣ «ይህ ሰው አንቺን የት ያውቅሻል?» አሉ።

«አያውቀኝም፣ አባ። ሥራዬን ነው ያየው።»

አባቷ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ በሱቁ ከተቀመጡት ደንበኞች ለአንደኛው ዞረው፣ «ልጄ እንግሊዝ አገር ላለ ነጋዴ ሒሳብ ትሠራለች» ብለው፣ ሰውየው ሳይጠይቃቸው ተናገሩ። ሰዓዳ በሕይወቷ አባቷ ስለ እርሷ ለሌላ ሰው እንዲህ ሲያወሩ ሰምታ አታውቅም ነበር።

በሳምንቱ ቅዳሜ በሚኒባስ ወደ ሐይቅ ከተማ ሄደች። ለዘሀራ ወደ ጅዳ ብር መላክ ስለማይቻል፣ ዕዳው የሚመለሰው ለእናቷ ነው። አክስቷ ወይዘሮ ከድጃ ከበር ተቀብለው ስመው አስገቧት። ሰዓዳ ለሠላሳ ዶላሩ የሚሆነውን ብር ጨምራበት በፖስታ አድርጋ ዘረጋችላቸው።

«አክስቴ፣ ይቁጠሩት፤ የዘሀራ ነው።»

«ዘሀራ ከልጅቷ እንዳትቀበዪ ብላኛለች።»

«ከልጅቷ አይደለም፤ ከሥራዬ ነው።»

ወይዘሮ ከድጃ ፖስታውን ሳይከፍቱ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ ስለ ሥራው ጠየቋት። ሰዓዳም ስለ ብስክሌት ሱቁ፣ ስለ ተለዋወጡት አኃዞችና ስለ ካርዱ ቁራጭ ነገረቻቸው። በጥሞና አዳመጧት፤ እርሳቸውም ለዓመታት በሐይቅ ገበያ እህል ሲነግዱ የኖሩ ሴት ናቸውና ነገሩ አልራቃቸውም።

«ታዲያ ስድስቱ ወር አለቀ። አሁን ምን ትሠሪለታለሽ?» አሉ።

«የጥቅምቱንም ልኮልኛል። ከእንግዲህ በየወሩ እኔ ነኝ የምይዝለት።»

«ከዚህ በኋላስ ለነጥቡ የዘሀራን ካርድ ትፈልጊያለሽ?»

«ለጥቂት ጊዜ፤ አሁን ግን ብሩን ቀድሜ ለእርስዎ እየሰጠሁ ነው የምትገዛልኝ።»

ወይዘሮ ከድጃ ይህን ሲሰሙ ፖስታውን ከፈቱና መቁጠር ጀመሩ።