ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በአውቶቡስ፦ የተሳፋሪ አስተያየት

በትኬቱ ላይ የመነሻው ሰዓት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተብሎ ቢጻፍም፣ አውቶቡሱ ከመስቀል አደባባይ የተንቀሳቀሰው ከንጋቱ 12 ሰዓት ከሩብ ሲሆን፣ ስለ መዘግየቱ ይቅርታ የጠየቀ ሠራተኛ አልነበረም። መቀመጫው ሰፊና ምቹ ነው። ዋናው ቅሬታዬ የሻንጣ አያያዙ ነው፤ ረዳቱ ቁጥር ያለው መለያ ሳይሰጥ የሁላችንንም ዕቃ በአውቶቡሱ ሆድ ውስጥ ስለከመረው፣ ባሕር ዳር ስንደርስ ሁሉም የራሱን ለማውጣት ሲጋፋ ቆየ፤ የእኔም ሻንጣ የሌላ ተሳፋሪ ዘይት ፈስሶበት ተገኘ። ረዳቱን ካሳ ብጠይቀው «ዕቃህን መጠበቅ የአንተ ድርሻ ነው» የሚል መልስ ሰጠኝ፤ ታዲያ ሻንጣዬን የተረከበኝ ማን ነበር? ሾፌሩ ግን ሊመሰገን ይገባዋል፤ ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለውን የዓባይ በረሃ ቁልቁለትና ዳገት ስልክ ሳያነሳና ከማንም ጋር ሳይሽቀዳደም በእርጋታ አሳልፎናል።