4 ሰዓት ከ12

የክፍሉን ግሩፕ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ለቤት ሥራ ብዬ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ቤት ሥራው ቀርቶ የስቲከር መድረክ ሆነ፣ እኔም ድምፁን ዘግቼ ተውኩት። ልጆቹ 53 ናቸው፣ ከኔ ጋር 54። ማታ ማታ አንዴ ገባ ብዬ ጥያቄ ካለ መልሼ እወጣለሁ።

የዚያን ቀን ማታ ስገባ ያልተነበበ 140 መልእክት ይላል። እንዲህ የሚንጫጩት ወይ ፈተና ሲደርስ ነው ወይ ሰው ሲጣላ። ፈተናው አልፏል። የፊዚክስ ሚድ ወረቀታቸውን አርሜ ከመለስኩላቸው ሁለት ቀን ሆኗል።

ወደ ላይ ስስብ፣ ስስብ፣ ፎቶው ጋ ደረስኩ።

ሜላት ናት። ሰሌዳው ፊት ቆማ፣ በሁለት እጇ ወረቀት ይዛ ትስቃለች። ወረቀቱ የኔ ፈተና ነው። ርዕሱ ይነበባል፣ ጥያቄዎቹም ይነበባሉ፣ መልሶቹ አንድ በአንድ ተከበዋል። ከሥሩ «ከፈተናው 2 ቀን በፊት። ለካ 29 እንዲህ ነው የሚመጣው» ተብሎ ተጽፏል። የላከው «ዜሮ» የሚባል አካውንት ነው። ፎቶ የለው፣ ስልክ ቁጥር የለው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባላነበው ይሻለኝ ነበር። «እኛ ሌሊቱን ስንሸመድድ እሷ ቀድማ ጨርሳለች።» «ዝምተኛ ናት ስትሏት!» «ቲቸር ራሳቸው ሰጥተዋት ይሆናላ።» ይቺን የመጨረሻዋን ሁለቴ አነበብኳት። መሃል ላይ፣ በሳቅ ስቲከር ተከብባ፣ የሜላት መልእክት አለች፦ «እኔ አይደለሁም። እንዲህ ያለ ፎቶ ተነስቼ አላውቅም።»

እውነቱን ልንገራችሁ? አመንኩ። ፎቶውን ማለቴ ነው፣ እሷን አይደለም።

ባለፈው ሴሚስተር 17 ነበር ያመጣችው። ዘንድሮ ከ30 29 ስታመጣ፣ እያረምኩ «ይቺ ልጅ ደግሞ ምን ነካት?» ብዬ ነበር። ያቺ ትንሽ ጥርጣሬ ለካ አልጠፋችም፣ የሚያረጋግጥላት ነገር ትጠብቅ ነበር። ፎቶውን እንዳየሁ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ሜላት እንኳን አልነበረም። ፍላሼን መምህራን ክፍል ረስቼው ነበር እንዴ? ሲባዛ የተበላሸውን ኮፒ የት ነው የጣልኩት? ምክትሏ ብትጠይቀኝ ምን እላለሁ? የራሴን ጉድ ሳሰላ ቆየሁ።

ነገሩን ያዞረው ሰሌዳው ነው። ከትከሻዋ በላይ የጠመኔ ስዕል ይታያል፣ ግማሽ ሰርኪዩት ከነአምፖሉ። አምፖል ስስል እንቁላል ይመስልብኛል፣ ልጆቹ ሁሌ ይስቁብኛል። እንቁላሉ እዚያ አለ። ያንን የሳልኩት ደግሞ የቡድን ሥራ ያቀረቡ ቀን ነው፣ የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ ፈተናውን ገና ሳላወጣው።

ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ።

ስልኬ ውስጥ ገብቼ ፈለግኩት። አለ። ሜላት በያኔው ፎቶ የያዘችው ካርቶን ነው፣ ተከታታይና ትይዩ ሰርኪዩት በቀለም የተሳለበት። ሁለቱን እያገላበጥኩ ሳስተያይ ዓይኔ ግራ አውራ ጣቷ ላይ አረፈ። በኔ ፎቶ ጣቷ ካርቶኑ ላይ ነው፣ ጥፍሯ ሙሉ ይታያል። በ«ዜሮ» ፎቶ ግን ወረቀቱ በጣቷ ላይ አልፎ ጥፍሯን ለሁለት ቆርጦታል። ፊቷ ላይ ብርሃኑ ከመስኮቱ በኩል በአንድ ጎን ነው የሚመጣው፣ ወረቀቱ ግን ዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነጭ ነው፣ ጥላ የሚባል የለውም። ከዚያ ደግሞ፣ ይሄ ነው የገደለኝ፣ ጥያቄ 9 አጠገብ አንዲት ቀይ ነገር አለች። የነጠላ ሰረዝ ያህል። የ«ራይት» ምልክቴ ጭራ ናት፣ ስቸኩል እንደዚያ ትረዝምብኛለች። ቀዩን እስክሪብቶ ሲያጠፋ ያቺን ረስቷታል።

እንግዲህ ወረቀቱ የታረመ ነው ማለት ነው። ከመለስኩላቸው በኋላ የተነሳ። «2 ቀን በፊት» የሚባል ነገር የለም። ይሄን ለማየት ደግሞ ፊዚክስ አያስፈልግም ነበር፣ ትንሽ ረጋ ማለት ይበቃል።

አንድ ሌላ ነገርም አየሁ። ስልኬ ላይ ያለው ፎቶ ሰፋ ያለ ነው። ካርቶኑን በሌላኛው ጫፍ የያዘ ልጅ አለ። ናሆም። ካሜራው ጠቅ ሲል ዓይኑን ጨፍኗል። ያኔ ወደ ግሩፑ ልልክ ስል ፎቶው እንዲያምር ብዬ ቆርጬ አወጣሁት፣ ከሥሩም «ጎበዝ ሜላት» ብዬ ጻፍኩ። ያንን ፎቶ መጀመሪያ የነካካሁት እኔ ነበርኩ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን በአጭሩ። ላኪውና ሰዓቱ እንዲታይ አድርጌ ስክሪንሾት ያዝኩ። ፎቶውን ከሁሉም ስልክ እንዲጠፋ አድርጌ ሰረዝኩ። ከአድሚን በቀር ማንም እንዳይጽፍ ዘጋሁ። አባላቱን ስቆጥር 55 ይላል፣ እኛ 54 ነን። የግሩፑን ሊንክ ራሴ በየቦታው በትኜዋለሁ፣ ያገኘው ሁሉ ይገባል። ሊንኩን ሰረዝኩት፣ «ዜሮ»ን አስወጣሁ። ከዚያ ጻፍኩ፦ «ፎቶው የተቀነባበረ ነው። ወረቀቱ የተነሳው ታርሞ ከተመለሰ በኋላ ነው። ፈተና አልወጣም። ያስቀመጣችሁ አጥፉ። ወደ ሌላ ቦታ የላከ ካለ ነገ ለብቻው መጥቶ ይንገረኝ፣ አልቆጣም።» አልቆጣም ያልኩት ውሸቴን ነው።

ለማስረጃ ዋናውን ፎቶ አብሬ ልልከው ነበር። ጣቴ መላኪያው ላይ ደርሶ ነው ያቆምኩት። የመጀመሪያውንም ማንም ሳይፈቅድልኝ ነው የለጠፍኩት።

ለሜላት ለብቻዋ «አንቺ እንዳልሆንሽ አውቃለሁ። ጠዋት ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በፊት ላብራቶሪ ነኝ፣ ብቅ በይ» አልኳት። አየችው። አልመለሰችም።

ጠዋት መጣች። ታለቅሳለች ብዬ ሶፍት አዘጋጅቼ ነበር፣ ኪሴ ውስጥ ቀረ። ቦርሳዋን እንኳን አላወረደችም።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂኝ።»

ስልኳን አወጣች። ግሩፑ ውስጥ የጻፈቻትን መልእክት ተጭና ያዘቻት። እንደኛ ዓይነት ትንሽ ግሩፕ ውስጥ የጻፈ ሰው መልእክቱን ማን መቼ እንዳየው ዝርዝሩ ይወጣለታል፣ እኔ ይሄን ረስቼዋለሁ። ስልኩን ወደኔ አዞረችው። 49 ሰው አይቶታል። የኔ ስም አለ። 4 ሰዓት ከ12።

«ፎቶውን ያጠፉት 4 ሰዓት ከ50 ነው» አለች።

38 ደቂቃ። ለካ ሌሊቱን ሙሉ ስትቀንስ ነው ያደረችው።

መልስ አላጣሁም። ፎቶዎቹን ሳስተያይ ነበር ማለት እችላለሁ፣ ግማሹ እውነት ነው። አፌ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር። ግን ዓይኗን አየሁትና እዚያው ዋጥኩት።

«መጀመሪያ አምኜ ነበር» አልኳት።

«ስንት ደቂቃ?»

«አላውቅም። አስር ይሆናል። አስራ አምስትም ሊሆን ይችላል። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ዝም አለች። ከዚያ ስልኳን ኪሷ ከተተች። «እማዬ እስኪነጋ ነው ያመነችው» አለች። «እርስዎ ይሻላሉ።» ልስቅ ይሁን ላልቅስ አላወቅኩም፣ እሷ ግን ቀልዷን አልነበረም።

ምክትሏ ነገሩን ስትሰማ ሰልፍ ላይ ይነገር አለች፣ ተማሪው ሁሉ ይስማ፣ ልጅቷም ስሟ ይጥራ። ለሜላት ስነግራት ራሷን ነቀነቀች። «ሰልፍ ላይ ያላየው ሰው ሁሉ እኮ ምን ዓይነት ፎቶ ነው ብሎ ይፈልገዋል። የተባልኩት ግሩፑ ላይ ነው። እዚያው ይባል።» ሁለት ትልልቅ ሰዎች ያላሰብነውን።

ማንነቱን ለማወቅ ብዙ አልደከምኩም። ማርክ በትክክል ልመዝግብ ነው ብዬ የሚዱን ወረቀት መልሱልኝ አልኩ። 51 መጣ። አንዷ ወረቀቷ ላይ ውሃ ፈስሶበት ጥላዋለች፣ ጓደኞቿም መሰከሩላት። አንዱ ናሆም ነው። ከክፍል ሁሉም ከወጡ በኋላ ቀረና ወረቀቱን ከደብተሩ መሃል አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። 28። ጥያቄ 9 አጠገብ ረጅም ጭራ።

«ካርቶኑን የሳልኩት እኔ ነበርኩ» አለ። ሌላ ምንም አላለም።

እኔም ወዲያው አልመለስኩለትም። ቆርጬ እንዳወጣሁት ነገርኩት፣ ጥፋቴ እንደሆነም ነገርኩት። ቀጥዬ ደግሞ እኔ የቆረጥኩህ ሌላ፣ አንተ እሷን ሌባ ያደረግካት ሌላ፣ አንዱ ሌላውን አያካክሰውም አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ወላጅ አመጣ፣ ቅጣቱንም ምክትሏ ወሰነች፣ እሱ የሷ ሥራ ነው። የኔ ድርሻ ግሩፑን ለአንድ መልእክት መክፈት ነበር። ናሆም በራሱ ስም ጻፈ፦ «ዜሮ እኔ ነኝ። ፎቶውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ሜላት ምንም አላደረገችም። ይቅርታ።» ያ ሁሉ ስቲከር የሚበትን ሰው ያን ቀን አንድም አልላከም። «ቲቸር ራሳቸው ሰጥተዋት ይሆናላ» ያለው ልጅም ዝም። እሱን እስካሁን ምንም አላልኩትም፣ ክፍል ውስጥ ግን ዓይኔን ይሸሻል።

በሳምንቱ ማታ ፈተና እያረምኩ ስልኬ ጮኸ። ሜላት ናት፣ ለብቻዬ።

«ቲቸር፣ ያቺን የመጀመሪያዋንም ያጥፉልኝ። ጎበዝ ያሉባትን።»

እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ። ግሩፑን ከፍቼ ወደ ላይ ሳብኩ፣ የአንድ ወር ቤት ሥራና ስቲከር አልፌ አገኘኋት። 41 ልብ ተደርጎባታል። ሰረዝኳት። ከስልኬም ሰረዝኳት። «ጠፍታለች» ብዬ መለስኩላት።

የሷ መልእክት የገባው 3 ሰዓት ከ20 ላይ ነው። የኔ መልስ 3 ሰዓት ከ21።