በባቲ በኩል የምትመጣ እንግዳ

ይህችን እንቆቅልሽ የጻፍኳት ደሴ ላሉት የእህቴ ልጆች ነው። ማታ ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ እኔ እጠይቃለሁ፣ እነሱ ምንጣፉ ላይ ተደርድረው ይገምታሉ። ለልጆቻችሁ ስታነብቡት አትቸኩሉ። ከየሁለቱ ስንኝ በኋላ ትንሽ ዝም በሉ። ልጅ የሚያስበው ያኔ ነው።

እንቆቅልሽ!
ልጆች፦ ምን አውቅልሽ!

አንዲት እንግዳ አለች፣ ደጅ የማታንኳኳ፣
ሁሌ የምትመጣ፣ ሳትቀር ለአንድ ቀን እንኳ።
ከባቲ በስተኋላ፣ ከአፋር ሜዳ ተነሥታ፣
ሽቅብ ትወጣለች ዳገቱን ረትታ።
ጫማ የላት፣ በቅሎ የላት፣ ስንቅም አልቋጠረች፣
ማታ ላይ ስትፈልጓት ጦሳን ተሻግራለች።
ነሐሴ ጉም ሲጋርዳት «ቀረች» እንዳትሉኝ፣
ከጉሙ በላይ ናት፣ ትንሽ ታገሡኝ።

ልጆች፦ አውቶቡስ ናት!

አውቶቡስማ ማታ መናኸሪያ ያድራል፣
ረዳቱም በር ይዞ «የሞላ!» ይላል።
የኔዋ ዝም ብላ ነው፣ አንድም ሰው ሳትጠራ፣
መንደሩን በሙሉ የምታስነሣ ለሥራ።

እንቆቅልሽ!
ልጆች፦ ምን አውቅልሽ!

እጅ የላትም፣ ግን ሞያዋን እዩላት፣
ሰሌን ላይ የተሰጣው በርበሬ ይመስክርላት።
ጋቢውን አጥባችሁ አጥሩ ላይ ጣሉላት፣
ሳትነካው ታደርቃለች፣ ክፈሉኝ ማለት የላት።
የቆቦ ማሽላ እሸቱ ሲጎመራ፣
ጥንቅሹ ቢጣፍጥ የእሷው ነው ሥራ።

ልጆች፦ አወቅን! እናታችን ናት!

ግምቱ ቀርቧል እንጂ፣ ልጆቼ፣ አልደረሰም፣
እናት ትኩር ብለው ሲያዩዋት ዐይን አታስለቅስም።
የኔዋን ግን ፊቷን ማንም ደፍሮ አያያትም፣
(እናንተም እንዳትሞክሩ፣ ዐይን ምትክ የላትም።)

እንቆቅልሽ!
ልጆች፦ ምን አውቅልሽ!

ካፊያው ሳያቋርጥ ብቅ ያለች ለታ፣
«ጅብ ወለደች!» ይላል ሠፈሩ በጫጫታ።
ብቅ ስትል ጀምረን ሰዓት እንቆጥራለን፣
ስትገባ «12 ሞላ፣ ግቡ!» እንባላለን።
ጥላችሁን ጠይቁት፣ እሱ ያውቅላታል፣
ጧት ረጅም ሆኖ ቀትር ላይ ያጥራል፣
ልትሄድ ስትል ደግሞ መልሶ ይረዝማል።

ለጨረቃ ብርሃን ያበደረች እሷ ናት፣
አንድ ቀን «መልሺልኝ» ብላ ያላስጨነቀቻት።
ምድርን የሚያካክሉ 100 ኳሶች ብትደረድሩ፣
ከዳር እስከ ዳሯ አይደርሱም፣ ገና ጨምሩ።
ለእኛ ዐይን ስትታይ ግን ከስኒ አፍ አትሰፋም፣
ሩቅ ናት፣ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በእግር አይገፋም።
ብርሃኗ ፈጣን ነው፣ መንገዱን ያውቀዋል፣
በ8 ደቂቃ ግድም ደጃችን ይገባል።

ልጆች፦ እሳት ናት! እሳት!

አብሽሩ፣ ደርሳችኋል፣ አንድ እርምጃ ይቀራል፣
እሳት እንጨት ካጣ ያው ዐመድ ይሆናል፣
የእሷ ምድጃ ግን ያለ ፍልጥ ይነዳል።

ልጆች፦ በቃ፣ አቃተን!
አገር ስጡኝ!
ልጆች፦ ሐይቅን ሰጠንሽ!

ሐይቅስ ደግ አገር ነው፣ ዓሣውም ይጣፍጣል፣
ለዚህች እንግዳ ግን ትንሽ ይቀረዋል።

ልጆች፦ እሺ፣ ደሴን ሰጠንሽ! ከነጦሳው!

ደሴ ገብቼ፣ ምን አጥቼ!
ፒያሳ ወርጄ፣ ሰኞ ገበያ ሸምቼ፣
ከአቦል እስከ በረካ ቁጭ ብዬ ጠጥቼ፣
በጊዜ ተኝቼ፣ በጊዜ ነቅቼ፣
ጎህ ሲቀድ ወጥቼ በባቲ በኩል ባይ፣
ያቺ እንግዳ መጣች፣ ስሟ ማን ነው?

ልጆች፦ ፀሐይ! ፀሐይ! ፀሐይ!

(ትንሿ ብድግ ትላለች፦) አሁን የኛ ተራ! እንቆቅልሽ!
ምን አውቅልሽ!