ስለሚቆራረጥና ስለደፈረሰ ውሃ የቀረበ አቤቱታ

ቀን፦ ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለ፦ የአካባቢያችን የውሃ አገልግሎት ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ በፈረቃው ቀን ስለሚጠፋው ውሃ፣ ሲመጣም ቡናማ ሆኖ ስለሚመጣው ውሃ አቤቱታ ስለማቅረብ

ጤና ይስጥልኝ።

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ባለው ሰፈር ስኖር ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ቤታችን ውስጥ አምስት ነፍስ አለ። ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆቻችንና እኔ። የውሃ ሒሳብ አሳልፈን አናውቅም። በየወሩ በቴሌብር እንከፍላለን፤ የሦስት ወር ደረሰኝ አያይዣለሁ።

የሰፈራችን ፈረቃ ማክሰኞና ዓርብ ነው። ይህን የነገራችሁን እናንተ ናችሁ። ከአዲስ ዓመት ወዲህ ግን ነገሩ ሁሉ ስለተዘበራረቀብኝ ማስታወሻ መያዝ ጀመርኩ። የልጄን ያለቀ ደብተር ከጓዳው በር ጀርባ ሰቅዬ ውሃ የመጣበትን ቀንና ሰዓት እጽፋለሁ። ከመስከረም 2 እስከ ኅዳር 12 ድረስ 21 ፈረቃ ደርሶናል። ውሃ የመጣው 8 ጊዜ ብቻ ነው። ከስምንቱ አምስቱ ቡናማ ነበር። ከጥቅምት 7 እስከ ጥቅምት 25 ደግሞ 18 ቀን ሙሉ ጠብታ አላየንም። ሲመጣም ሌሊት ነው። ሁለቴ ከእኩለ ሌሊት በኋላ መጥቶ አንድ ሰዓት ሳይሞላው ሄዷል። ሮቶ ያለው ቤት ተኝቶ ይሞላለታል። እኛ ሮቶ የለንም። ባልዲና ጀሪካን ደርድረን፣ ቧንቧውን ከፍተን፣ ድምፁን እያዳመጥን ነው የምናድረው።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት የሆነውን ልንገራችሁ። ዓርብ ነበር፤ ፈረቃችንም ነበር። ቀኑ ኅዳር የሚታጠንበት፣ ሰፈሩ ሁሉ ቤቱንና ደጁን የሚያጸዳበት ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ቧንቧው መጀመሪያ አየር ተነፈሰ፣ ቀጥሎ ሳል እንደያዘው ሰው ተንገጫገጨ፣ ከዚያ ወረደ። በሻማ ነበር የማየው፤ መብራትም ጠፍቶ ነበር። ባልዲው እስኪሞላ ቀለሙን ልብ አላልኩም። ሲነጋ ሳየው ጠጅ መሰለኝ። በብርጭቆ ቀድቼ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት። እስከ ቀትር ከታች የጣት ውፍረት ያህል ቀይ ደለል ዘቀጠ። ከላይ የቀረውም አልጠራም፤ ቀጭን ሻይ መስሎ ቆየ። ሽታው የዛገ ብረት ሽታ ነው። ልጄ ለበዓሉ የምትለብሰውን ነጠላ ማታውኑ ዘፍዝፌ ነበርና በዚያው ውሃ አለቀለቅኩት፤ ዛሬም ድረስ ጥለቱ ዙሪያ ቢጫ ነው። ሊጥ ለማቡካት ግን አልደፈርኩም። እንጀራ ገዛን።

ትንሹ ልጄ አራት ዓመቱ ነው። በጥቅምት መጨረሻ ለአራት ቀን ተቅማጥ ያዘው። ያየው ሐኪም ከውሃው ነው አላለኝም፤ እኔም አልልም። «ውሃውን አፍልታችሁ ስጡት» ብሎናል። እናፈላለን። ግን ማፍላት ደለሉን አያወጣውም። የማከሚያ ክሎሪን ብንጨምርም ድፍርስ ውሃ ውስጥ ኃይሉ ይቀንሳል። ታዲያ ምን እናድርግ?

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ከኮብልስቶኑ መታጠፊያ በታች፣ ከትንሿ ድልድይ አጠገብ፣ መንገድ ሲቆፈር የተነካ የውሃ መስመር አለ። ከነሐሴ ጀምሮ ያፈሳል። ውሃ በሚመጣበት ሌሊት ከመሬቱ ይፈልቃል፤ ጠዋት ኩሬ ሆኖ እናገኘዋለን። በጎች ይጠጡበታል፣ ልጆች ይራገጡበታል፣ ከላይ ያለው የቆሻሻ ቦይም ዝናብ ሲጥል ወደዚያው ይፈስሳል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው። መስመሩ ውስጥ ግፊት ሲኖር ውሃው ወደ ውጭ ይወጣል። ውሃው ሲቋረጥና መስመሩ ባዶ ሲሆን ግን በዚያው ስንጥቅ የኩሬው ውሃ ወደ ውስጥ ሊሳብ ይችላል። በሚቀጥለው ፈረቃ ያንን ነው የምንቀዳው ማለት ነው። ዝገቱ ልብስ ያበላሻል፤ ይኼኛው ሰው ያሳምማል። ስለዚህ የውሃው መቆራረጥና የውሃው መበላሸት አንድ ጉዳይ እንጂ ሁለት አይመስለኝም።

ይህን ቦታ መስከረም 20 ቀን ቢሯችሁ ድረስ መጥቼ አመልክቻለሁ። የተቀበለችኝ ልጅ በትሕትና መዝግባ «ባለሙያ ይላካል» አለችኝ። ጥቅምት 11 ተመልሼ መጣሁ። ያው መልስ ነው የተሰጠኝ። እስከዛሬ ማንም አልመጣም። ሠራተኞቻችሁን ለመውቀስ አይደለም። ባለፈው ዓመት እሑድ ቀን መጥቶ ጭቃ ውስጥ ገብቶ የጎረቤታችንን መስመር የጠገነውን ሰውዬ ዛሬም እናመሰግነዋለን። እንደዚያ ያለ ሰው እንዳላችሁ ስለማውቅ ነው የምጽፈው።

ስለ ገንዘቡም ትንሽ ልበል። ውሃ ሲጠፋ ከጋሪ እንገዛለን። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 30 ብር ነው። አንድ ሜትር ኩብ ማለት 50 ጀሪካን ነው፤ 1,500 ብር መሆኑ ነው። በሳምንት 12 ጀሪካን ቆጥበን እንጠቀማለን። አንሶላ ማጠብ ትተናል። ከዚህ ሁሉ ጋር የጥቅምት ቢላችን 14 ሜትር ኩብ ይላል። ውሃ ሳይቋረጥ የምንጠቀመው 9 ነበር። ባዶ መስመር ሲሞላ የሚገፋው አየር ቆጣሪ እንደሚያዞር ሰምቻለሁ፤ የእኛም ሌሊት አየሩ ሲነፍስ ሲሽከረከር በዓይኔ አይቻለሁ። ቆጣሪው ይመርመርልኝ፤ የጥቅምት ሒሳብም እንደገና ይታይልኝ።

የምለምነው ይኸው ነው። ከሁሉም በፊት ድልድዩ ጋ ያለው ስብራት ይጠገን። ከተጠገነ በኋላ መስመሩ እስኪጠራ ይታጠብ፤ አለበለዚያ የገባው ደለል እዚያው ነው የሚቀረው። ከዚያ ከእኔ ቧንቧና ከሁለት ጎረቤቶቼ ቤት ናሙና ተወስዶ ድፍርስነቱ፣ የብረቱ መጠን፣ የክሎሪኑ ቅሪትና የጀርሙ ምርመራ ይሠራ፤ ውጤቱም በጽሑፍ ይሰጠን። የዓለም ጤና ድርጅት ብረት በሊትር ከ0.3 ሚሊግራም ሲያልፍ ልብስ ማቅለም ይጀምራል ይላል፤ የእኛ ስንት እንደሆነ ማወቅ እንፈልጋለን። ውሃችን ከግድብ ይሁን ከጉድጓድ ንገሩን። የጉድጓድ ከሆነ ብረቱ ከምድሩ ሊሆን ይችላል፤ መስመር በማጠብ ብቻ አይጠራም። ይህ ሁሉ እስኪሆን በሳምንት አንዴ እንኳ በቦቴ ውሃ ይምጣልን። ሰፈራችን ውስጥ ደረጃ መውጣት የማይችሉ አሮጊቶችና አራሶች አሉ።

ፈረቃው የማይሆን ከሆነም ቀድማችሁ ንገሩን። በስልክ አጭር መልእክት ይበቃል። ዛሬ አይመጣም ከተባልን እንተኛለን።

ስብራቱን የሚያይ ባለሙያ ሲመጣ ቦታውን ራሴ አሳያለሁ። ጠዋት ከ2 እስከ 5 ሰዓት ሁሌ ቤት አለሁ። የኅዳር ሚካኤሉን ውሃ በጠርሙስ አስቀምጫለሁ፤ ማየት የሚፈልግ ካለ ይዤ እመጣለሁ። በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ መልስ እንዲሰጠኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ሰናይት መኮንን
የቤት ቁጥር 417

አባሪ፦ የነሐሴ፣ የመስከረምና የጥቅምት የክፍያ ደረሰኞች፣ ውሃ የመጣበትን ቀን የሚያሳይ የደብተር ቅጂ 3 ገጽ፣ የስብራቱና የብርጭቆው ፎቶ 4፣ የ23 ጎረቤቶች ፊርማ

ግልባጭ፦ ለወረዳው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት